አንድ ደቂቃ ያለው ሰው

(ይህ ጽሑፍ ለሕግና ለምህንድስና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ወረቀት ስገለብጠው ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሣውን አንድ ጥያቄም ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

በራሱ ስለሚወስን የጦር መሣሪያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ነገ ነው። ሮቦት ወታደር፣ መንጋ ድሮን፣ እንዲህ ያለውን። እኔ ግን ዛሬ ሃያ ዓመት ያለፈውን ታሪክ ነው የማወራችሁ። የነገውን ክርክር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። ከባድ መኪና ላይ የተጫነ የብረት ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ያመሻል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ስክሪን ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው የሬዲዮ ግንኙነቱን ይዟል። ፓትሪዮት የሚባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳኤል መሣሪያ የሚታዘዘው ከዚህ ሳጥን ነው። ራዳሩም ማስወንጨፊያዎቹም ውጭ ናቸው፤ ሰው የሚቀመጠው ግን እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰማዩን አያዩትም። የሚያዩት ኮምፒውተሩ ስለ ሰማዩ የሚነግራቸውን ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቀኑ መጋቢት 14 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ መጋቢት 23 ቀን 2003። የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ ገና ጥቂት ቀናቸው ነው። ሌሊት ነው። አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል ቶርኔዶ አውሮፕላን ኢራቅ ውስጥ ግዳጁን ጨርሶ ኩዌት ወደሚገኘው አሊ አል ሳሌም የጦር ሰፈር እየተመለሰ ነው። ውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ። ሊያርፉ ከፍታቸውን እየቀነሱ ነው።

በመንገዳቸው አንድ የፓትሪዮት ክፍል አለ። የክፍሉ ራዳር አውሮፕላኑን ያየዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ምንነቱን ይፈርጃል። ፍጥነቱን አየ፣ ቁልቁል መምጣቱን አየ፣ አቅጣጫው ወደ ክፍሉ መሆኑን አየ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ምልክት አወጣ፦ ራዳር አሳዳጅ ሚሳኤል። ይህ የሚሳኤል ዓይነት የራዳሩን ጨረር ተከትሎ መጥቶ ራዳሩን የሚመታ ነው። ማለትም የስክሪኑ መልእክት “የሚመጣው ወደ እናንተ ነው” የሚል ነበር።

ሰዎቹ ዝም ብለው አላመኑም። ወዳጅ ከሆነ ይመልስ ብለው በምስጢር ኮድ ጠየቁት። የጦር አውሮፕላን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በራሱ የሚመልስ መሣሪያ አለው። መልስ አልመጣም። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የእንግሊዝ ቦርድ እንደደረሰበት ከሆነ፣ የቶርኔዶው መለያ በዚያ ግዳጅ ሙሉ መልስ ስለመስጠቱ ማስረጃ የለም። ከመነሣቱ በፊት ሲፈተሽ ግን ደህና ነበር። የኃይል መቋረጥ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉት ሰዎችም መበላሸቱን አላወቁም። ሌላ ቀለል ያለ የመለያ ኮድም ነበር፤ እሱ ደግሞ በፓትሪዮቱ ክፍል አልተጫነም።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ክፍል የመገናኛ መሣሪያ ገና ከአሜሪካ እየተጓጓዘ ነበር፣ አልደረሰም። ከበላይ አዛዡ ጋር የሚገናኘው በአቅራቢያው ባለ ሌላ ክፍል በኩል፣ በሬዲዮ ነው። ስለዚህ ሌሎቹ የሚያዩትን የአየር ምስል እነዚህ ሰዎች አያዩም። ለመወሰን የነበራቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። የተሰጣቸው መመሪያ ራሳችሁን ለመከላከል መተኮስ ትችላላችሁ ይላል።

ተኮሱ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቃችሁ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሰው ነበረ ወይ? ነበረ። ያውም የሠለጠነ ሰው፣ ሕጉን የተከተለ ሰው። ቦርዱ ራሱ የተኮሱት በነበረው መመሪያ መሠረት ነው ብሏል። እንግዲህ “በእያንዳንዱ የኃይል ውሳኔ ውስጥ ሰው ይኑር” የሚል ሕግ ነገ ቢወጣ፣ ያ ተኩስ ሕጉን ያለ ችግር ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ አለ። ውሳኔው ግን ከእሱ በፊት አልቋል፤ ኮምፒውተሩ “ሚሳኤል ነው” ባለበት ቅጽበት። እሱ የቀረው ሥራ መፈረም ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ቦርዱ ሌላም አስገራሚ ነገር ጽፏል። ሰዎቹ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ አውሮፕላኑ አቅጣጫውን ሲቀይር ኮምፒውተሩ ራሱ ፍረጃውን ሳይቀይር አይቀርም ነበር። ግን ታገሡ የሚላቸው ማን ነው? ሥልጠናቸው ያተኮረው በየትኛውም ጦርነት ሊያጋጥም የሚችል አጠቃላይ አደጋን በመለየት ላይ እንጂ ኢራቅ በተለይ ምን እንዳላት በማወቅ ላይ አልነበረም። የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚለይም ብዙ አልተማሩም። የፍረጃው መስፈርትም በጣም ሰፊ ነበር፤ ሊያርፍ የሚወርድ አውሮፕላንን የሚያስገባ።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። አንድ የአሜሪካ ኤፍ 16 አብራሪ የፓትሪዮት ራዳር እንዳነጣጠረበት መሣሪያው ነገረው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አብራሪው ሚሳኤሉን ለቀቀና የገዛ ወገኑን ራዳር መታ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

ሦስተኛው አደጋ ግን በደንብ መታየት አለበት። መጋቢት 24 ነው፤ ቦታው ካርባላ አካባቢ። ከቶርኔዶው በኋላ ጥንቃቄ ተጨምሯል። ማስወንጨፊያዎቹ “ተጠባባቂ” ላይ እንዲቆዩ ተደርጓል። ተጠባባቂ ላይ ያለ ማስወንጨፊያ ኮምፒውተሩ ቢያዘውም አይተኩስም፤ መጀመሪያ ሰው “ዝግጁ” ላይ ሊያደርገው ይገባል። ስታስቡት ጥሩ መፍትሔ ነው። በማሽኑና በተኩሱ መካከል ሰው አስገብተዋል።

በዚያ ሌሊት ስክሪን ላይ ባሊስቲክ ሚሳኤል ታየ። በእውኑ ግን ሚሳኤል አልነበረም። ብዙ የፓትሪዮት ራዳሮች በአንድ አካባቢ ተጠጋግተው ስለተሠማሩ የሌለ ነገር እያሳዩ ነበር። አዛዡ ማስወንጨፊያዎቹ ለማንኛውም ዝግጁ ይሁኑ አለ። ተኩሱ አላለም። ሰዎቹ ዝግጁ አደረጓቸው። ሥርዓቱ ግን አውቶማቲክ ተኩስ ላይ እንዳለ ነበር። ዝግጁ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ ሲጠብቅ የቆየውን አደረገ፤ ሁለት ሚሳኤል ወጣ። መንገድ ላይ አንድ ኤፍ ኤ 18 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ነበር። አብራሪው ሞተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰው አለ። ስክሪኑን ያየው ሰው ነው፤ ትእዛዙን ያስተላለፈው ሰው ነው፤ ማብሪያውን የነካው ሰው ነው። ሆኖም “ተኩስ” ያለ አንድም ሰው የለም። በወንጀል ሕግ ለምትማሩት፦ የመግደል ሐሳቡን የማን ነው ትሉታላችሁ? እኔ ብዙ አስቤበት አላገኘሁትም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ “ቴክኖሎጂው ያረጀ ስለሆነ ነው” ይላል። ጥያቄው ግን የእድሜ ብቻ አይደለም። የቁጥርም ነው። በዚያ ጦርነት የአሜሪካና የአጋሮቿ አውሮፕላኖች ወደ 41,000 ጊዜ በረዋል። ፓትሪዮት የተኮሰባቸው የኢራቅ ባሊስቲክ ሚሳኤሎች ደግሞ 9 ብቻ ናቸው። ግቢያችሁ በር ላይ ዘበኛ አቁማችኋል እንበል። ከሚመጡት 4,500 ሰዎች አንዱ ሌባ ነው፣ የቀረው በሙሉ ዘመድ። ዘበኛው በጣም ጎበዝ ነው፤ ከሺህ ዘመድ አንዱን ብቻ በስህተት ሌባ ይላል። ስሌቱን እንሥራው። 41,000 በረራ፣ ከሺህ አንድ ስህተት፦ 41 የውሸት ማንቂያ። እውነተኛው 9። እንግዲህ “ሌባ!” ብሎ በጮኸ ቁጥር፣ ከአምስት ጊዜ አራቱ ዘመድ ላይ ነው። ይህ የምሳሌ ቁጥር ነው፣ ፓትሪዮት ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ እየነገርኳችሁ አይደለም። ነገር ግን ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ማሽን እንኳ ጠላት ጥቂት፣ ወዳጅ ብዙ በሆነበት ሰማይ ውስጥ ማንቂያው አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ወጣት ይህን ካልተነገረው በምን ያውቃል?

አልተነገረውም። የአሜሪካ መከላከያ የሳይንስ ቦርድ በፈረንጆቹ 2005 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩ በአብዛኛው አውቶማቲክ እንደነበር፣ ሠራተኞቹም ሶፍትዌሩን እንዲያምኑ መሠልጠናቸውን ጽፏል። ፓትሪዮት ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ሃውሊም ይህንኑ ነው አጥብቆ የሚያነሣው። ሥራውን ሁሉ ማሽን ላይ ትጥላለህ፣ ሰውየውን ለሰዓታት ምንም ሳይሠራ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ በድንገት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማሽኑን እንዲያርም ትጠብቅበታለህ። የሰው አእምሮ እንዲህ አይሠራም። የሌሊት ዘበኛ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲያው ሰውን እናውጣውና ማሽኑን እንመነው? እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1988። አንድ የኢራን የመንገደኞች አውሮፕላን ከባንዳር አባስ ተነሥቶ ወደ ዱባይ ይሄዳል። ዱባይ ዘመድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ስለሌለ መስመሩን ለማብራራት አልደክምም፤ ባሕሩን ተሻግሮ ማረፍ ነው። ቪንሴንስ የሚባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከታች ነበር፤ ያን ጠዋት ከኢራን ጀልባዎች ጋር እየተታኮሰ ነው። መርከቧ በጊዜው ምርጥ የሚባለው ኤጂስ የተሰኘ የራዳርና የኮምፒውተር ሥርዓት ነበራት። ኮምፒውተሩ የመዘገበው ትክክል ነበር፦ አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ ነው፣ የሚያሰማው መለያም የሲቪል ነው። ሰዎቹ ግን “ኤፍ 14 ነው፣ ወደ እኛ እየወረደ ነው” ተባባሉ። ውጊያ ላይ ነበሩ፣ ጥቃት እየጠበቁ ነበር፣ የጠበቁትን አዩ። ከተነሣ ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ተመታ። 290 ሰው አለቀ፤ 66ቱ ሕፃናት።

በኩዌቱ ሰማይ ማሽኑ ተሳሳተ፣ ሰው ተከተለው። የኢራኑ አውሮፕላን በተመታበት በሆርሙዝ ሰርጥ ማሽኑ ትክክል ነበር፣ ሰው አልሰማውም። ስለዚህ “ሰው ይሻላል” ወይስ “ማሽን ይሻላል” የሚለው ክርክር ለእኔ ብዙ አያራምድም። ሁለቱም አደጋዎች የጋራ የሆነ ነገር አላቸው። ጊዜው አጭር ነው፤ ወሳኙ ሰው ነገሩን የሚያይበት ሌላ ዓይን የለውም፤ ካልተኮሰ ራሱ የሚሞት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ጄኔቫ እንሂድ። መንግሥታት በዚህ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር መነጋገር የጀመሩት በፈረንጆቹ 2014 ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ንግግር አንድ ሐረግ ላይ ተጣብቋል ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንደኛው ወገን “ትርጉም ያለው የሰው ቁጥጥር” ይላል። አሜሪካኖቹ በ2012 ያወጡትና በ2023 ያደሱት መመሪያቸው ደግሞ አዛዦችና ተጠቃሚዎች “ተገቢ ደረጃ ያለው የሰው ፍርድ” ማሳረፍ መቻል አለባቸው ይላል። ልዩነቱ የቋንቋ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቁጥጥር ማለት በተኩሱ ሰዓት እጅህ እዚያ ይኑር ማለት ነው። ፍርድ ግን ከዚያ በፊትም ሊሰጥ ይችላል፦ መሣሪያውን የት እንደምታሰማራ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ላይ እንደሆነ ስትወስን። የአሜሪካው መመሪያ በእያንዳንዱ ተኩስ ውስጥ ሰው ይኑር አይልም። ብዙ ሰው ይላል ብሎ ያስባል።

የእነሱም ክርክር ባዶ አይደለም። መርከብ ላይ የሚመጣ ሚሳኤል በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። አሥር አብረው ከመጡ የትኛውም ሰው አሥር ጊዜ “እሺ” ለማለት አይደርስም። የመርከብ መከላከያ መድፎች ለዚህ ሲባል በራሳቸው መተኮስ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ማንም ይከልከሉ አላለም። እኔም አልልም። ክፍት ባሕር ላይ በድምፅ ፍጥነት የሚመጣ ብረት መንገደኛ አይጭንም።

ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በ2021 ያቀረበው ሐሳብ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ይሻለኛል። ሦስት ነገር ይላል። ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መገመት የማይቻል መሣሪያ ይከልከል። ሰውን ዒላማ አድርጎ በራሱ የሚመታ ይከልከል። የቀረው ደግሞ በዒላማው ዓይነት፣ በቦታው፣ በጊዜው ይገደብ፤ ሰላማዊ ሰው በሌለበት ይሁን፤ ሰው ሊያስቆመው ይቻል። እዚህ ውስጥ “ሰው አለ ወይ?” ከሚለው ይልቅ “መሣሪያው የት ነው ያለው፣ ምን ላይ ነው የተለቀቀው?” የሚለው ይቀድማል። ቶርኔዶው የወደቀው ወዳጅ አውሮፕላን በሚያርፍበት መስመር ላይ ነው። በዚያ ቦታ ያን ሰፊ መስፈርት መጠቀም የለብህም የሚል ደንብ፣ ስክሪኑ ፊት ሌላ አሥር ሰው ከመጨመር ይበልጥ ነበር።

በታኅሣሥ 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳልፏል፦ 152 ድጋፍ፣ 4 ተቃውሞ፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ። ከተቃወሙት ሩሲያና ህንድ አሉበት። ውሳኔው አስገዳጅ አይደለም፤ ዋና ሥራው ዋና ጸሐፊው የአገራትን አስተያየት ሰብስቦ ሪፖርት እንዲያቀርብ መጠየቅ ነበር።

ዲፕሎማቶቹ ሐረግ ሲመርጡ የጦር ሜዳው አልጠበቃቸውም። እኛ አገርም ድሮን የሚለው ቃል የማያውቀው ሰው የለም። ከሩቅ ሆኖ በስክሪን የሚያበረው፣ ሚሳኤሉን የሚለቀው ግን ሰው ነው፤ ያ ዛሬ የምናወራው ዓይነት አይደለም። ዩክሬን ላይ ግን የሆነውን ተመልከቱ። ትንንሾቹ ድሮኖች በሬዲዮ ይታዘዛሉ። ሁለቱም ወገን የሬዲዮውን ሞገድ ማፈን ተማሩ። ድሮኑ ዒላማው ጋ ሲቃረብ፣ ምስሉ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ስክሪኑ ዝንብ ያወጣል፣ ግንኙነቱ ይቆረጣል። መሐንዲሶቹ ሁለት መፍትሔ አመጡ። አንዱ፣ ሰውየው ገና ግንኙነት ሳለ ዒላማውን ያሳየዋል፤ የቀረውን መንገድ ድሮኑ በካሜራው እየተከተለ ብቻውን ይጨርሳል። ሌላው ደግሞ በጣም የሚገርም ነው፦ ድሮኑ ከኋላው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር እየፈታ ይሄዳል። የኢንተርኔት ገመድ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ። ክር ማፈን አይቻልም፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰከንድ ያያል።

የመጀመሪያውን ዓይነት አስቡት። ዒላማውን ሰው መርጧል፤ ስለዚህ “ሰው ወስኗል” ይባላል። ግን በመረጠበትና በሚመታበት መካከል ታንኩ አጠገብ ሕፃን ቢመጣ፣ ወታደሩ እጁን ቢሰጥ፣ የሚያይ የለም። ነገ ደግሞ የመምረጡን ሥራም ለካሜራው መስጠት የአንድ ሶፍትዌር ማሻሻያ ጉዳይ ይሆናል። ሰው ከውሳኔው የሚወጣው አንድ ክፉ ጄኔራል ፈርሞ አይደለም። ሬዲዮው ስለተቆረጠ ነው።

ንግግሬን እዚህ ጨረስኩ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሣች። “መምህር፣ እርስዎ በዚያ ሌሊት እዚያ ሳጥን ውስጥ ቢሆኑስ? ይተኩሱ ነበር?” አለችኝ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ስፈራው ነበር የመጣሁት።

“እተኩስ ነበር” አልኳት። ስክሪኑ ሚሳኤል ነው ይላል። ጠየቅኩት፣ አልመለሰም። አጠገቤ ሁለት ልጆች አሉ፣ ውጭ ደግሞ ሌሎች ወታደሮች። መመሪያው ይፈቅድልኛል። ደቂቃዋ እያለቀች ነው።

“ታዲያ ምን ቢኖርዎት ነበር የማይተኩሱት?”

ይኼ ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ ነው አልኳት። አንደኛ፣ በዚህ መስመር የኛ አውሮፕላኖች እየወረዱ ነው የሚለኝ የሚሠራ ሬዲዮ። ሁለተኛ፣ ኢራቅ እንዲህ ዓይነት ሚሳኤል አላት ወይስ የላትም የሚለውን ቀድሞ የነገረኝ አሠልጣኝ። ሦስተኛ፣ ባልተኩስ የሚመታው ራዳሩ እንጂ እኔ እንዳልሆን ሳጥኔ ከራዳሩ ራቅ ብሎ ቢቆም።

ሦስተኛውን ስናገር አንድ የምህንድስና ተማሪ ደብተሩ ላይ ሳጥንና ራዳር ሥሎ፣ በመካከላቸው መሥመር አስምሮ “ስንት ሜትር?” ብሎ ጻፈበት።